አሳጥሮ መጻፍና ከምንጩ ማመሳከር፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 እንደ ማሳያ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የድኅረ ምረቃ ሴሚናር ላይ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጭር ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። በጽሑፉ ከተደረሰባቸው መደምደሚያዎች አንዱ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው ነሐሴ 8 ቀን በመሆኑ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የ48 ሰዓት ገደብ አልተከበረም የሚል ነበር። ቀኖቹ ትክክል ነበሩ። የ48 ሰዓት ገደብም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ውስጥ በእርግጥ አለ። መደምደሚያው ግን ስሕተት ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ንዑስ አንቀጽ 2(ለ)ን ሲያነብ፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ የሚታወጅ አዋጅ የሚቀርብለት በ15 ቀናት ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ምክር ቤቱ ለዕረፍት የሚበተንባቸው ወራት ናቸው።

ስሕተቱ የመጣው ሕጉን ካለማንበብ አልነበረም። ሕጉ ከወራት በፊት ተነብቦ በአምስት መስመር ተጠቃልሎ ተይዟል። ጽሑፉ ሲዘጋጅ የተገለጠው ግን ማስታወሻው ብቻ ነበር፤ በማስታወሻው ላይ «በ48 ሰዓት» የሚለው ሲቀር፣ «ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ» የሚለው ወድቋል። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ማስታወሻ መስመር በመስመር ከምንጩ ጋር በማመሳከር፣ ማሳጠር ትርጉምን የሚያዛባባቸውን መንገዶችና እነዚህን ለማግኘት የሚቻልበትን ዘዴ ያሳያል።

ማስታወሻው እንደነበረ

1. የውጭ ወረራ፣ ለሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ አደጋ የሆነ ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲያጋጥም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያውጃል።
2. ክልሎችም በየክልላቸው ማወጅ ይችላሉ።
3. አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በ2/3 ድምፅ ይጸድቃል።
4. ለ6 ወር ይጸናል፤ በየ4 ወሩ ይታደሳል።
5. የማይገደቡ መብቶች፦ ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ፣ እኩልነት፣ በሕይወት የመኖር መብት፣ አንቀጽ 39።

ማስታወሻው ለንባብ የተስተካከለ ነው፤ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ደስ ብሎት የሚቀበለው ዓይነት ነው። ከአምስቱ መስመሮች ግን ከምንጩ ጋር ያለ እርማት የሚስማማ አንድም የለም።

ሁለት የማመሳከሪያ አቅጣጫዎች

ብዙዎቻችን «አመሳክሬዋለሁ» የምንለው በአንድ አቅጣጫ የሚደረገውን ነው። ማስታወሻውን እናነባለን፤ እያንዳንዱ ነገር በምንጩ ውስጥ መኖሩን እናያለን፤ ካለ ምልክት እናደርጋለን። ይህ ከማስታወሻ ወደ ምንጭ የሚሄድ ማመሳከር ነው። የሚያገኘው ስሕተትም በምንጩ ሳይኖር ከውጭ የገባውን ነው። ከላይ ያለው ማስታወሻ በዚህ መንገድ ቢፈተሽ ከአምስቱ አራቱ መስመሮች በቀላሉ ያልፋሉ። 48 ሰዓት በምንጩ አለ፤ ሁለት ሦስተኛም አለ፤ ክልሎች ማወጅ እንደሚችሉም ተጽፏል።

የወደቀን ነገር ለማግኘት ጉዞው መገልበጥ አለበት። ከምንጩ ተነሥቶ፣ በምንጩ ያለ እያንዳንዱ ገደብ በማስታወሻው የት እንዳረፈ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ አቅጣጫ ምንጩ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይነበባል፤ ሁኔታን፣ ገደብንና ልዩ አገላለጽን የሚሸከመው ቃል በእርሳስ ይከበባል፤ ለእያንዳንዱ ክብ በማስታወሻው ላይ አቻ ይፈለጋል። አቻ ያላገኘ ክብ ሁሉ ሆን ተብሎ የተተወ ወይም ሳይታወቅ የወደቀ ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ይህ ሥራ የራሱ የሆነ ችግር አለው። በእንግሊዝኛ ሁኔታን የሚያመለክተው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ዓይንም በቀላሉ ያገኘዋል። በአማርኛ ግን ሁኔታው ብዙ ጊዜ በግሡ ላይ የተለጠፈ አንድ ፊደል ነው። «ሲከሰት» በሚለው ቃል «ሲ»፣ «ካልጸደቀ» በሚለው «ካል»፣ «ሲከሰትና» በሚለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» የሕግ ውጤት አላቸው። ከዚህ በተጨማሪ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ሁኔታውን አስቀድሞ ዋናውን ግሥ በመጨረሻ ያመጣል። አሳጥሮ የሚጽፍ ሰው ዓይን ደግሞ «ሥልጣን አለው» ወይም «ይችላል» ወደሚለው መዝጊያ ይሮጣል፤ መዝጊያውን ይይዝና ከፊቱ ያለውን ረጅም ሐረግ እንደ መንደርደሪያ ይቆጥረዋል። ሕጉ ግን አብዛኛው ያለው በዚያ መንደርደሪያ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው መስመር፦ አንድ ፊደል የወሰደው ሁኔታ

አንቀጽ 93(1)(ሀ) አዋጅ ለማወጅ የሚያበቁ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አልቆመም። በ«ና» ተያይዞ ሌላ ነገር ይከተለዋል፦ ሁኔታው በተለመደው የሕግ ማስከበር ሥርዓት ለመቋቋም የማይቻል መሆን አለበት። ሁለቱ በአንድነት ሲሟሉ ብቻ ምክንያቱ ይሟላል። ማስታወሻው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ጥሏል።

የተጣለው ክፍል ለክርክር ዋነኛው ቦታ ነው። አንድ አዋጅ አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው አደጋ መኖሩ ላይ ሳይሆን፣ ፖሊስና መደበኛው ፍርድ ቤት ሊመልሱት ይችሉ ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። ማስታወሻውን ብቻ ይዞ የተነሣ ተመራማሪ ይህን ጥያቄ የማንሣት ዕድል የለውም፤ ጥያቄው የሚነሣበትን ሐረግ ራሱ አስቀድሞ ሰርዞታልና። በዝርዝር ውስጥ ያሉ ነገሮች ሲያጥሩ እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ማድረግ የተለመደ ዝንባሌ ነው። እዚህም የሆነው ይኸው ነው፤ አራት ምክንያቶች በአራት አጭር ሐረጎች ተደረደሩ፣ ረጅሙም ከሌሎቹ ጋር እንዲመጣጠን ተቆረጠ።

በዚያው መስመር «ያውጃል» የሚለው ቃልም መታረም አለበት። ምንጩ የሚናገረው ስለ ሥልጣን ነው፤ ምክር ቤቱ ማወጅ ይችላል እንጂ ምክንያቱ በተገኘ ቁጥር ያውጃል አይልም። ፈቃድ በማስታወሻው ላይ ግዴታ ሆኗል።

ሁለተኛው መስመር፦ እውነት ሆኖ የሚያሳስት ዐረፍተ ነገር

«ክልሎችም ማወጅ ይችላሉ» የሚለው ሐሰት አይደለም። አንቀጽ 93(1)(ለ) ለክልል መስተዳድሮች በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የማወጅ ሥልጣን ይሰጣል። ሥልጣኑ ግን በሁለት ምክንያቶች የተወሰነ ነው፦ የተፈጥሮ አደጋ ሲያጋጥም ወይም የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት። የውጭ ወረራና ለሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ አደጋ የሆነ ሁኔታ በክልሎች ዝርዝር ውስጥ የሉም።

እዚህ ላይ ስሕተቱን ያመጣችው በ«ክልሎችም» ላይ ያለችው «ም» ናት። «ም» አንባቢው ከላይ ያለውን መስመር ወደ ታች እንዲያወርድ ታደርጋለች፤ አራቱ ምክንያቶች ለክልሎችም እንደሚሠሩ ሆኖ ይነበባል። በመሆኑም ማስታወሻ ሲጻፍ «ም»፣ «እንዲሁም»፣ «በተመሳሳይ» የሚሉ ቃላት ከምንጩ የመጡ መሆናቸው መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚመጡት መስመሮችን ለማያያዝ ከሚደክመው ከአሳጣሪው ብዕር ነው።

ሦስተኛው መስመር፦ የተቆረጠ ቁጥር

ቁጥር በማስታወሻ ውስጥ አስተማማኝ መስሎ የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ሁኔታ፣ ከምን ውስጥ የሚሉ ጥያቄዎችን ይዞ መምጣት አለበት። 48 ሰዓት ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ሲሆን ነው፤ በሥራ ላይ ካልሆነ 15 ቀን ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱም ገደቦች አዋጁ ለምክር ቤቱ ለሚቀርብበት ጊዜ የተሰጡ ናቸው። ማስታወሻው መቅረብንና መጽደቅን በአንድ ግሥ በማያያዙ ገደቡ ለማጽደቂያውም የተሰጠ አስመስሎታል።

ሁለት ሦስተኛ የሚለውም እንዲሁ ነው። ከምን ሁለት ሦስተኛ? የእንግሊዝኛው ቅጂ ድምፁን ከምክር ቤቱ አባላት ጋር ያያይዘዋል። «አባላት» የሚለው ቃል ከማስታወሻ ሲወድቅ አንባቢው በስብሰባው ላይ ከተሰጠው ድምፅ ውስጥ ሊመስለው ይችላል። ልዩነቱ በተግባር የታየበት ጊዜ አለ። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. በተካሄደው ድምፅ አሰጣጥ መጀመሪያ የተነገረው ውጤት 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ድምሩ 441 ነው፤ የዚህ ሁለት ሦስተኛ 294 በመሆኑ 346 በቂ ይሆናል። ከ547ቱ መቀመጫዎች ከተሰላ ግን የሚያስፈልገው 365 ነው፤ 346 አይበቃም። የድጋፉ ቁጥር በኋላ 395 ተብሎ መታረሙ ይታወሳል፤ ይህ በሁለቱም ስሌት ያልፋል። በመካከል የተነሣው ክርክር ግን በሙሉ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነበር፤ «2/3» ብሎ የጻፈ ማስታወሻ ክርክሩ ስለ ምን እንደነበረ እንኳ ሊያስረዳ አይችልም።

አራተኛው መስመርም የዚሁ ዘመድ ነው። ምንጩ አዋጁ እስከ ስድስት ወር ሊቆይ እንደሚችል ይናገራል እንጂ ስድስት ወር ይጸናል አይልም። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የታወጀው አዋጅ የቆይታ ጊዜው 5 ወር ነበር፤ በማስታወሻው ሲለካ ጉድለት፣ በምንጩ ሲለካ ትክክል ነው። «እስከ» ወይም «ድረስ» የሚለው ቃል ሲወድቅ ጣሪያ የነበረው ወለል ይሆናል። እድሳቱም በራሱ የሚሆን አይደለም፤ በየአራት ወሩ እንደገና የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል።

አምስተኛው መስመር፦ የታከለውና የተስተካከለው

በአምስተኛው መስመር ከሌሎቹ የተለየ ነገር እናገኛለን። አንቀጽ 93(4)(ሐ) ሊገደቡ የማይችሉትን በቁጥር ይዘረዝራል፦ አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25፣ እንዲሁም የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። በሕይወት የመኖር መብትን የያዘው አንቀጽ 15 በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ታዲያ ወደ ማስታወሻው እንዴት ገባ? ከሌላ እውቀት መጥቶ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 4 በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ የማይገደቡ መብቶችን ሲዘረዝር በሕይወት የመኖር መብትን ይጨምራል፤ ኢትዮጵያም የቃል ኪዳኑ አባል ናት። ስለዚህ መብቱ አይገደብም የሚል ክርክር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4)ና 13(2) በኩል ማቅረብ ይቻላል። ነገር ግን ያ ክርክር ነው፤ የአንቀጽ 93 ቃል አይደለም። ማስታወሻው ሁለቱን በአንድ መስመር በማስቀመጡ መከራከሪያ የሚያስፈልገውን ነገር ያለ መከራከሪያ አሳልፎታል። በሕገ መንግሥቱና በቃል ኪዳኑ መካከል ያለው ክፍተት ለጥናት ጥሩ ጥያቄ የሚሆን ነው፤ ማስታወሻው ክፍተቱን ሸፍኖ ጥያቄውንም አጥፍቶታል።

ከዝርዝሩ የጎደለው አንቀጽ 1 ደግሞ የወደቀው እንግዳ ስለሚመስል ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ መንግሥቱ ስያሜ በመሆኑ በመብቶች ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ አንባቢ «የቁጥር ስሕተት ይሆናል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አሳጣሪ ምንጩን ማረም የለበትም፤ እንግዳ የሆነውን እንዳለ ጽፎ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ማድረግ ይበቃዋል። «አንቀጽ 39» ተብሎ በጅምላ የተጻፈውም ንዑስ አንቀጾቹን ሲጥል፣ ራስን በራስ ስለ ማስተዳደር የሚናገረውን ንዑስ አንቀጽ 3 እና የመገንጠልን ሥነ ሥርዓት የያዘውን ንዑስ አንቀጽ 4 በሌሉበት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ማስታወሻውን በታወቀ ክስተት መፈተን

የማስታወሻው ጸሐፊና አመሳካሪው አንድ ሰው ሲሆን አንድ ችግር ይፈጠራል። ጸሐፊው ያነበበውን ስለሚያስታውስ በማስታወሻው ላይ የሌለውን ሁኔታ ሳይታወቀው በልቡ ይሞላዋል። ይህ ትዝታ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ማስታወሻው ግን ይቀራል። ስለዚህ ከሁለቱ አቅጣጫዎች ቀጥሎ ሦስተኛ ፈተና ይመከራል፦ ውጤቱ የታወቀ ክስተት ወስዶ ማስታወሻውን ብቻ በመጠቀም ፍርድ መስጠት፣ ከዚያ በምንጩ እንደገና መስጠት። ሁለቱ ፍርዶች ከተለያዩ አንድ ሁኔታ ወድቋል ማለት ነው።

በኮቪድ ጊዜ የታወጀው አዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ዘመኑ ላይ እያለ የመጣ ሲሆን በሁለት ቀን ውስጥ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ጸድቋል። በዚህ ክስተት ሦስተኛው መስመር ቢፈተን ያልፋል። የ2015 ዓ.ም. አዋጅ ሲቀርብለት ግን ይወድቃል፤ አሥር ቀን ከ48 ሰዓት ይበልጣል፣ ከ15 ቀን ግን ያንሳል። እንግዲህ አንድ ክስተት አይበቃም። ሁለቱ ክስተቶች በአንድ ነገር፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ በመሆኑና ባለመሆኑ፣ የሚለያዩ ሆነው ሲመረጡ ነው የወደቀው ሁኔታ የሚታየው። ፈተናውን ምንጩን ያላነበበ ባልደረባ ቢያደርገው ደግሞ ይበልጥ ይታመናል፤ የሚሞላው ትዝታ የለውምና።

የትኛው ምንጭ?

ማመሳከር ከትክክለኛው ምንጭ ጋር ካልሆነ ዋጋው ያንሳል። በአንቀጽ 106 መሠረት የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ቅጂ የአማርኛው ነው። ብዙ የምርምር ጽሑፎች የሚዘጋጁት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማስታወሻ የሚያዘው ከእንግሊዝኛው ቅጂ ይሆናል፤ የሚመሳከረውም ከዚያው ጋር ነው። ከላይ «አባላት» በሚለው ቃል ላይ እንዳየነው፣ ክርክሩ በአንድ ቃል ላይ ሲወድቅ ቃሉ በአማርኛው ቅጂ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ታይቶ መጻፍ አለበት። ከአስተማሪ የንግግር ጽሑፍ ወይም ከሌላ ሰው ማጠቃለያ ጋር ማመሳከር ደግሞ ማስታወሻን ከማስታወሻ ጋር ማስተያየት ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስሕተት ተሸክመው ሊስማሙ ይችላሉ።

የታረመው ማስታወሻ

1. 93(1)(ሀ)፦ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ማወጅ ይችላል፤ የውጭ ወረራ፣ ወይም [ሥርዓቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ + በተለመደው የሕግ ማስከበር የማይቻል]፣ ወይም የተፈጥሮ አደጋ፣ ወይም ወረርሽኝ።
2. 93(1)(ለ)፦ ክልል፦ በተፈጥሮ አደጋና በወረርሽኝ ብቻ።
3. 93(2)፦ ለተወካዮች ምክር ቤት መቅረቢያ፦ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን። 2/3 (ከምን? የአማርኛው ቅጂ ይታይ) ካላገኘ ወዲያው ይሻራል።
4. 93(3)፦ እስከ 6 ወር፤ እድሳት በየ4 ወሩ፣ በየጊዜው 2/3።
5. 93(4)(ሐ)፦ የማይገደቡ፦ 1 (?)፣ 18፣ 25፣ 39(1)፣ 39(2)። አንቀጽ 15 የለም፤ ከቃል ኪዳኑ አንቀጽ 4 ጋር ይነጻጸር።
የተተወ፦ 93(4)(ሀ)ና(ለ)፣ ስለ መርማሪ ቦርድ 93(5)ና(6)።

ይህ ማስታወሻ ከመጀመሪያው ብዙ አይረዝምም። የጨመረው በአብዛኛው «ይችላል»፣ «ከሆነ»፣ «ካልሆነ»፣ «እስከ»ና «ብቻ» የሚሉ ቃላት፣ የንዑስ አንቀጽ ቁጥሮችና ሁለት የጥያቄ ምልክቶች ናቸው። የመጨረሻው መስመር በተለይ ሊለመድ ይገባል፤ ማሳጠር ማለት መተው ነውና የተተወው ነገር ስሙ ከተጻፈ አንባቢው ማስታወሻው ስለ ምን ዝም እንዳለ ያውቃል። የመርማሪ ቦርዱ ድንጋጌ በዚያ መስመር ባይጠቀስ ኖሮ፣ ከዓመት በኋላ ማስታወሻውን የሚገልጥ ሰው አንቀጽ 93 በአዋጁ ምክንያት ስለሚታሰሩ ሰዎች ቁጥጥር ምንም አይልም ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል።